ተከራይ ሳያስፈቅድ የሠራውን ክፍልፋይና የሰቀለውን ዲሽ እንዴት ማስነሣት ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ይህን ጉዳይ ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለበት። ዝናቡ ከጀመረ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት አደገኛ ነው፤ ቀዳዳ መድፈኛውም እርጥብ ነገር ላይ አይያዝም።

አዘዞ ያለውን ቤቴን የተከራዩ ባልና ሚስት ትልቁን ክፍል በችፑድ ከፍለው ለልጆቻቸው መኝታ አደረጉት፤ ጣሪያው ላይም ዲሽ አሰቀሉ። ሁለቱንም ያየሁት ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት ቀን ነው። በዚህ ጊዜ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

1. አስፈቅደው ይግቡ፣ ይዩ፣ ፎቶ ያንሡ

የኪራይ ውሉን አብረው ይያዙ። «ያለ አከራይ ፈቃድ ለውጥ ማድረግ አይቻልም» የሚል ቃል ካለበት ነገሩ ይቀላል። አይተው ዝም ካሉና ኪራይ መቀበል ከቀጠሉ ግን ተከራዩ «እያዩ ፈቅደውልኛል» የማለት ዕድል ያገኛል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ይናገሩ።

2. የሚፈርሰውንና ቦታ የሚቀይረውን ይለዩ

ብዙ አከራይ «ሁሉም ይነሣ» ብሎ ይጀምርና ነገሩ ወደ ጠብ ይሄዳል። የእኔ አቋም ሌላ ነው። ክፍልፋዩ መፍረስ ነበረበት፤ ልጆቹ የሚተኙበት ጎን መስኮት አልነበረውም። በዚህ ከተማ ብርድ ቤተሰብ ከሰል ቤት ውስጥ ያስገባል፣ የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ደግሞ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ይህን ሳስረዳቸው አባትየው አልተከራከሩኝም።

ዲሹ ግን ቴሌቪዥናቸው ነው። ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለ የብረት ምሰሶ ላይ ቢሰቀል እኔን አይጎዳኝም። ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ ነፋስ በገፋው ቁጥር ምስማሩን ያወዛውዛል፤ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፣ ውኃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ። ዲሽ ሰቃዩ ግን ጎድጓዳው ላይ መትቶት ነበር።

3. በወረቀት ያስጠንቅቁ

የቃል ንግግር መቅደም አለበት፣ ግን በቃል ብቻ አይተዉት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1772 አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ከማለቱ በፊት ሌላውን ማስጠንቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። «ቤቱን እንደነበረ አድርጉ» የሚል ደብዳቤ ምንም አያስይዝም፤ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ የሚለው መጻፍ አለበት። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

«በትልቁ ክፍል ያለ ፈቃዴ የተሠራው የችፑድ ክፍልፋይ እስከ ግንቦት 20 እንዲነሣ፣ በወለሉ፣ በግድግዳውና በኮርኒሱ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች ተደፍነው ቀለም እንዲቀቡ፤ ዲሹ ወደ ግቢው ምሰሶ እንዲዛወርና የተበሳው ቆርቆሮ እንዲጠገን እጠይቃለሁ። ወጪው የተከራይ ነው። ችፑዱና ሞራሌው የእርሱ ስለሆነ ይወስደዋል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉ፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው በእንጨቱ ላይ ነው። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በሁለት ምስክሮች ፊት ያስፈርሙ። ተከራዩ አልፈርምም ቢል ምስክሮቹ መስጠትዎን ይፈርሙ።

4. ሲፈርስ እዚያ ይሁኑ

በክፍልፋዩ ውስጥ ሶኬት ተስቦ ከሆነ ከመፍረሱ በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፣ ገመዱንም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያንሣው። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው የምስማሩን መስመር ተከትሎ ይርገጥ፤ ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው፣ በመካከሉ ከረገጠ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል።

ቀዳዳውን ሬንጅ ብቻ ቀብቶ መሄድን አልቀበልም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ዝገቱ ተፍቆ፣ ጎማ ያለው ብሎን ገብቶበት፣ ዙሪያው በሲልከን ይታሸግ። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ከበዙ ወይም ዳራቸው ከተቀደደ ቆርቆሮውን መቀየር ይሻላል። ሲልከኑ ከደረቀ በኋላ በቀን ኮርኒሱ ላይ ገብተው ወደ ላይ ይመልከቱ፣ ብርሃን የሚያሳይ ነጥብ ካለ አልተደፈነም። ከዚያ ከላይ በባልዲ ውኃ ያፍስሱ።

5. እምቢ ካለ

በራስዎ እጅ እንዳያፈርሱ፣ መብራትና ውኃም እንዳይቆርጡበት። ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም ይዞታው በኪራይ ዘመኑ የተከራዩ ነው፤ በአንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስዎት ይችላል። በመጀመሪያ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ይላኩ። ካልሆነ ማስጠንቀቂያውን፣ ውሉንና ፎቶውን ይዘው ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ።

ሥራው ካለቀ በማስጠንቀቂያው ጀርባ «ተፈጽሟል» ብለው ቀን ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ተከራዩ ሲለቅ የግቢው ምሰሶ የማን እንደሚሆንም በዚያው ይጻፍ።