ከዓመት በኋላ የሚከፈል ገንዘብ የዛሬ ዋጋው እንዴት ይሰላል?

አንድ ሰው ዕቃዎን ሊገዛ ፈልጎ ሁለት አማራጭ አቀረበልዎ እንበል፤ ወይ ዛሬ 1,000 ብር ይከፍልዎታል፣ ወይ ልክ ከአንድ ዓመት በኋላ 1,080 ብር። የሚከፈሉበት ቀን የተለያየ በመሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም፤ በቅድሚያ የዓመቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋው መመለስ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የወለድ ምጣኔ ነው። ይህም ገንዘቡ ዛሬ እጅዎ ቢገባ፣ ተመሳሳይ ስጋት ባለው ሌላ ቦታ ላይ ውሎ በዓመቱ ሊያስገኝልዎ የሚችለው ትርፍ ነው። ገዥው እንደሚከፍል ጥርጥር የለም፣ ባንክም በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይሰጣል ብለን እንነሣ።

ዛሬ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ብር በዓመቱ ከነወለዱ 1.10 ብር ስለሚሆን፣ ቀጥሎ 1,080ን ለ1.10 ያካፍሉ። ውጤቱ 981.82 ብር ነው፤ ከ1,000 ስለሚያንስ ዛሬ መቀበሉ ይሻላል።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚሁ ማካፈሉ ላይ ነው። ወለዱ 10 በመቶ ከሆነ ከ1,080 ላይ 10 በመቶ መቀነስ በቂ ይመስላቸውና 972 ብር ላይ ይደርሳሉ። ስሌቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ውጤቱን ባንክ እንዳስቀመጡት አድርገው ወደፊት ሲያሰሉት ነው። 972 ብር በዓመት 97.20 ብር ወልዶ 1,069.20 ይሆናል፤ ስለዚህ 10.80 ብር ይጎድላል። 981.82 ግን 98.18 ወልዶ ልክ 1,080 ይሞላል። ልዩነቱ የመጣው ወለድ የሚታሰበው ዛሬ በሚቀመጠው ገንዘብ ላይ እንጂ በዓመቱ መጨረሻ በሚደርሰው ድምር ላይ ስላልሆነ ነው። ይህን ማረጋገጫ ሁልጊዜ መሥራት ቀመር ከመሸምደድ የተሻለ ይመስለኛል።

የገንዘቡ ዋጋ የሚያንሰው በዋጋ ንረት ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብም በሰፊው ይሰማል። ይሁን እንጂ የዕቃ ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ባይንቀሳቀስ እንኳ፣ ወለድ እስካለ ድረስ የሚዘገየው ገንዘብ ያንሳል፤ ምክንያቱም በመካከሉ ሊያፈራ የሚችለው ትርፍ ቀርቶበታል። በገበያ የሚታየው ምጣኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀውን ንረት ያካተተ ስለሆነ፣ ንረቱን ለብቻው ደግሞ መቀነስ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

ገዥው የሚያጠራጥር ከሆነ የሚለወጠው ምጣኔው ነው። 20 በመቶ ይገባዋል ቢሉ 1,080 ለ1.20 ሲካፈል 900 ብር ብቻ ይሆናል። ምጣኔውና የክፍያው ጊዜ መመጣጠናቸውንም ያስተውሉ፤ ክፍያው ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ የዓመቱ 10 በመቶ ሳይሆን የስድስት ወሩ ምጣኔ ነው የሚገባው።

ከገዥው ጋር ለመደራደር ከፈለጉ ስሌቱን ገልብጠው 1,000ን በ1.10 ያባዙ። በባንኩ ምጣኔ፣ የዓመቱ ክፍያ ከዛሬው ጋር የሚስተካከለው 1,100 ብር ሲደርስ ነው።