«ዕቃው ጎድሏል፣ ክሬዲት ኖትም አልተሰጠኝም» ብሎ ክፍያ ለያዘ ደንበኛ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

በዱቤ የሸጡት ዕቃ የክፍያ ቀን አልፏል። ደንበኛው ግን ገንዘቡን የያዘው ስለሌለው ሳይሆን የተረከበው ዕቃ ከኢንቮይሱ ያነሰ ስለሆነና ለጎደለው ክሬዲት ኖት እንዲሰጠው ጠይቆ ስላላገኘ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ደንበኛ የተለመደውን «ክፍያዎ ዘግይቷል» የሚል ማስታወሻ ደጋግሞ መላክ ነገሩን ያባብሳል እንጂ አይፈታም። የደንበኛው ሒሳብ ክፍል 333,500 ብር በሚል ኢንቮይስ ላይ 313,490 ብር ብቻ ከፍሎ ልዩነቱን በራሱ ፈቃድ መሰረዝ አይችልም፤ ልዩነቱን የሚያስረዳ፣ ከሻጩ የወጣ ሰነድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ያንን ሰነድ ይዞ መድረስ አለበት።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ የአዲስ አበባ የሳሙና አከፋፋይ ሐዋሳ ለሚገኝ መደብር 200 ካርቶን ሳሙና፣ አንዱን በ1,450 ብር ሸጧል። ዋጋው 290,000 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 43,500 ብር፣ ጠቅላላው 333,500 ብር ነው። ኢንቮይሱ የተቆረጠው ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን የክፍያ ጊዜው 30 ቀን ነበር። መደብሩ ሐምሌ 10 ቀን በጻፈው ደብዳቤ የደረሰው 188 ካርቶን ብቻ መሆኑን አስታውቋል፤ ለዚህ ደብዳቤ ግን መልስ አላገኘም።

ሰነዶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ከመጻፍዎ በፊት ትእዛዙን፣ ከመጋዘን የወጣበትን ሰነድ፣ የርክክብ ሰነዱንና የደንበኛውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ አንድ ላይ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚነሳው ከርክክብ ሰነዱ ነው። የደንበኛው ንብረት ክፍል ሠራተኛ «12 ካርቶን ጎድሏል» ብሎ በእጁ የሚጽፈው እርሱ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሾፌሩ ይዞት የሚመለሰው ቅጂ ደግሞ ንጹሕ ፊርማ ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ቅጂ ሙሉ ርክክብ ያሳያል ብለው ደንበኛውን ከመሞገትዎ በፊት የእርሱን ቅጂ ይጠይቁ፤ የመጋዘን ቆጠራዎንም ያረጋግጡ። በቆጠራው 12 ካርቶን ትርፍ ከተገኘ ጉድለቱ በጭነት ወቅት የደረሰ መሆኑን ያመለክታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውሉ ያነሰ ብዛት ማስረከብን ከውል ጋር አለመስማማት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ገዢው ደግሞ ለመመርመር ዕድል እንዳገኘ ዕቃውን ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በምሳሌያችን መደብሩ በሁለት ቀን ውስጥ ስላስታወቀ ዘግይቷል ብሎ መከራከር አያዋጣም። ማስረጃው ሙሉ ርክክብን የሚያሳይ ከሆነ ግን ደብዳቤው ክሬዲት ኖት የማይሰጥበትን ምክንያት ከነሰነዱ በግልጽ መናገር አለበት።

የሚያከራክረውን ከማያከራክረው ይለዩ

የ12 ካርቶን ዋጋ 17,400 ብር፣ ታክሱ 2,610 ብር፣ በድምሩ 20,010 ብር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ታክሱን ረስተው ዋጋውን ብቻ ይቀንሳሉ፤ ያኔ የሁለቱ ወገኖች መዝገብ በ2,610 ብር ይለያያል። ከ333,500 ብር 20,010 ሲቀነስ ቀሪው 313,490 ብር ነው። ደንበኛው ዊዝሆልዲንግ የሚቀንስ ከሆነ ስሌቱ ታክስ ባልተጨመረበት 272,600 ብር ላይ መሆን አለበት፤ ይህንንም በደብዳቤው መጥቀስ በኋላ ከሚመጣ ሌላ ልዩነት ያድናል።

ክሬዲት ኖቱን አስቀድመው ያውጡ

«በቅርቡ እንልካለን» የሚል ተስፋ የያዘ ደብዳቤ ለደንበኛው ክፍያውን ለማዘግየት አዲስ ምክንያት ይሰጠዋል። ክሬዲት ኖቱ የዋናውን ኢንቮይስ ቁጥርና ቀን፣ የጎደለውን ብዛት፣ የአንዱን ዋጋ፣ ታክሱን ለይቶና የመቀነሱን ምክንያት መያዝ አለበት። ደንበኛው የሙሉውን ኢንቮይስ ታክስ በወርሃዊ ማስታወቂያው አቀናንሶ ሊሆን ስለሚችል፣ እርማት የሚያደርገው በዚህ ሰነድ መነሻነት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ይነጋገሩ። የጎደለው ዕቃ ከሚቀጥለው ጭነት ጋር ያለ ዋጋ እንዲላክ ታዞ ከሆነ ክሬዲት ኖት አይሰጥም፤ ክሬዲት ኖት ከተሰጠ ደግሞ ዕቃው ያለ ዋጋ አይላክም። ሽያጭና ሒሳብ ክፍሎች ሳይነጋገሩ ሁለቱንም ሲያደርጉ ድርጅቱ ለአንድ ጉድለት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ደብዳቤውን ይጻፉ

የራስዎን ጉድለት በመጀመሪያው አንቀጽ ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ ስሌቱን፣ በመጨረሻም የሚጠይቁትን መጠንና ቀን። ለምሳሌ፦

ቁጥር፦ ሒ/042/18
ቀን፦ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ……… መደብር
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ስለ ኢንቮይስ ቁጥር 1187 ማስተካከያና ቀሪ ክፍያ

በሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በጻፋችሁልን ደብዳቤ፣ ከላይ በተጠቀሰው ኢንቮይስ ከተመዘገበው 200 ካርቶን ሳሙና ውስጥ የተረከባችሁት 188 ካርቶን መሆኑን ገልጻችሁልናል። የርክክብ ሰነዱንና የመጋዘን ቆጠራችንን አመሳክረን የ12 ካርቶን ጉድለት መኖሩን አረጋግጠናል። ክሬዲት ኖቱ በወቅቱ ሳይሰጣችሁ በመቅረቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ታክስን ጨምሮ የ20,010 ብር ክሬዲት ኖት ቁጥር 063 ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘን ልከናል። በዚህም መሠረት የኢንቮይሱ ቀሪ ዕዳ 313,490 ብር ነው። ዊዝሆልዲንግ የምትቀንሱ ከሆነ በ272,600 ብር ላይ አስልታችሁ ደረሰኙን እንድትልኩልን፣ ቀሪውንም የኢንቮይሱን ቁጥር በመጥቀስ እስከ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ገቢ እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ክፍያው ሲፈጸም ኢንቮይሱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማና ማኅተም)

ግልባጭ፦ ለሽያጭ ክፍል፣ ለመጋዘን ክፍል

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የወለድ ወይም የፍርድ ቤት ማስፈራሪያ አልገባም፤ መግባትም ያለበት አይመስለኝም። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው የሻጩ ዝምታ እስከሆነ ድረስ፣ ላለፉት ሳምንታት ወለድ መጠየቅ ይቅርታውን ዋጋ ያሳጣዋል። የተሰጠው ሁለት ሳምንትም ደንበኛው ክሬዲት ኖቱን መዝግቦ ክፍያ እንዲያዘጋጅ በቂ ነው።

አድርሰው ይከታተሉ

ደብዳቤውን ከክሬዲት ኖቱ ዋና ቅጂ ጋር በመዝገብ ቤት አስገብተው፣ በራስዎ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ያስፈርሙ፤ ደንበኛው ሌላ ከተማ ከሆነም መድረሱን በሚያረጋግጥ መንገድ ይላኩ። በዚያው ቀን ክሬዲት ኖቱ በደንበኛው ሒሳብ ላይ እንዲመዘገብ ያድርጉ፤ ካልተመዘገበ በወሩ መጨረሻ የሚወጣው የሒሳብ መግለጫ አሁንም 333,500 ብር ይጠይቃል፣ ደንበኛውም ደብዳቤዎን ማመን ያቆማል።

ቀኑ ካለፈ በኋላም ክፍያ ካልመጣ፣ አከራካሪ የነበረው መጠን ስለተወገደ ቀጣዩ ደብዳቤ መደበኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። በዚያ ውስጥ የሚጠየቀው 313,490 ብር ብቻ ነው። ውሉ ሌላ መጠን ካልወሰነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተመለከተው የ9 በመቶ ዓመታዊ ወለድም፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ባለው ጊዜ ላይ በዚሁ መጠን ይሰላል።