የደንበኛ ቅሬታ ፓሬቶ ሰርታችሁ ቻርቱ ምንም ካልጠቆማችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ቅሬታ ይመዘገባል፣ ኤክሴል ላይ ይገባል፣ ባሩ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራል፣ ፓሬቶ ቻርት ተብሎ ፕሪንት ተደርጎ ይለጠፋል፣ በሚቀጥለው ወር ግን ቅሬታው እዛው ነው። ቻርቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፣ በምልክታቸው ላስኬዳችሁ። ምሳሌዬ ምግብ በሞተር የሚያደርስ የአዲስ አበባ ድርጅት ነው፣ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ የማንም አይደሉም።

በአንድ ወር 240 ቅሬታ መጣ እንበል። ዘገየ 96፣ እቃ ጎደለ 60፣ ቀዝቅዞ መጣ 36፣ የሂሳብ ስህተት 24፣ የሞተረኛ ፀባይ 12፣ ሌላ 12። ስሙ A ኮለም፣ ብዛቱ B ኮለም ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ከተደረደረ C2 ላይ ይቺን ጽፋችሁ ወደ ታች መጎተት ነው፦

```
=SUM($B$2:B2)/SUM($B$2:$B$7)
```

ኮለሙን ፐርሰንት ፎርማት ስታደርጉት 40፣ 65፣ 80፣ 90፣ 95፣ 100 ፐርሰንት እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ 80 ፐርሰንቱን ያዙ ማለት ነው። ግን 20 ፐርሰንቱ ምክንያት 80 ፐርሰንቱን ችግር ያመጣል የሚባለው 80/20 ሕግ አይደለም፣ ፓሬቶ ጣሊያናዊ ኢኮኖሚስት ነው፣ ያጠናው የሀብት ክፍፍልን ነበር፣ ስሙን ወደ ጥራት ሥራ ያመጣው የጥራት ባለሙያው ጁራን ነው። 72 በ30 ቢወጣላችሁም ምንም ችግር የለውም፣ ቁጥሩን 80 ለማድረስ የሚታገሉ ሰዎች ግን አይቻለሁ።

ምልክት፦ ትልቁ ባር «ሌላ» ሆነ

መንስኤው ፎርሙ ነው። ስልክ የሚያነሳው ሰው ቸኩሏል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ደንበኛው ያለው ነገር የለም ወይ ከሃያ ምርጫ መፈለግ ሰለቸው፣ በቃ «ሌላ» ይነካል። የ«ሌላ»ን ጽሑፍ አንድ በአንድ አንብቡትና ሶስት አራት ጊዜ የተደጋገመውን አውጥታችሁ የራሱን ስም ስጡት፣ የምርጫዎቹን ብዛት ደግሞ ስምንት አካባቢ አድርጉት። ኤክሴል ውስጥ ያለው ዝግጁ Pareto ቻርት «ሌላ»ን እንደማንኛውም ባር በብዛቱ ስለሚደረድረው መሀል ሊገባባችሁ ይችላል፣ ቦታው ሁሌም መጨረሻ ነው፣ እኔ በፎርሙላ በእጅ መሥራቱን እመርጣለሁ።

ምልክት፦ ባሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው

ይሄኔ ሰው «ፓሬቶ እኛ ጋ አይሠራም» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የተከፋፈለበት መንገድ ነው ስህተቱ። ቅሬታውን በክፍለ ከተማ ከፋፍላችሁት ከሆነና ችግሩ ከሰፈር ጋር ካልተያያዘ ባሩ ሜዳ ይሆናል፣ ሜዳ መሆኑ ራሱ «ሰፈር ምክንያት አይደለም» እያለ ነው። ያንኑ ዳታ በምግብ ቤት፣ በሰዓት፣ በሳምንቱ ቀን፣ በሞተረኛ እየቀያየራችሁ ቁረጡት፣ አንዱ ላይ ሾጠጥ ያለ ባር ይወጣል። ሌላው ምክንያት አንዱን ነገር በአምስት ስም መመዝገብ ነው፦ «ቆየ»፣ «ዘገየ»፣ «አልመጣም»፣ «ሞተረኛው የት ደረሰ»፣ «ካንስል አድርጉልኝ»። አምስቱንም አንድ ላይ ስታደርጓቸው ሜዳው ተራራ ያወጣል። በሁሉም ቆርጣችሁ አሁንም እኩል ከሆነ ግን ፓሬቶን ተዉት፣ ችግሩ የሁሉም የጋራ ነው ማለት ነው፣ አጠቃላይ አሠራሩን ማየት ይሻላል።

ምልክት፦ ትልቁ ባር ግልጽ ነው፣ ግን ማንም ምን እንደሚሠራ አያውቅም

ዋናው ይሄ ነው። «ዘገየ» 40 ፐርሰንት ነው፣ እሺ፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ሞተረኞች ፍጠኑ ይባላል፣ አለቀ። መንስኤው ቀላል ነው፣ ደንበኛ የሚነግራችሁ የታየውን እንጂ ምክንያቱን አይደለም፣ የመጀመሪያው ፓሬቶ የምልክት ፓሬቶ ነው። ስለዚህ 96ቱን ብቻ ይዛችሁ ሁለተኛ ፓሬቶ ሥሩ፣ አሁን ግን የምትቆጥሩት ሰዓቱ የት እንደጠፋ ነው። ኦርደሩ የገባበት፣ ምግብ ቤቱ የተቀበለበት፣ ምግቡ ዝግጁ የሆነበት፣ ሞተረኛው የተረከበበት፣ ደንበኛው እጅ የገባበት ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ሲስተሙ ካልያዘው ለሁለት ሳምንት በወረቀት ይያዝ።

በምሳሌያችን 96ቱ እንዲህ ወጡ፦ ምግብ ቤቱ ዘግይቶ አዘጋጀ 54፣ ሞተረኛ ለመመደብ ቆየ 22፣ አድራሻ ጠፋ 14፣ መንገድ ተዘጋ 6። ስብሰባው ላይ ሁሉም «ትራፊክ ነው» ሲል ነበር፣ መንገድ 6 ብቻ። አሁንም አትቁሙ፣ 54ቱን በቀን ቁረጧቸው። 38ቱ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ወደቁ፣ ይሄ ማለት 70 ፐርሰንት። እዚህ ጋ አንዴ ቆም ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል፣ ምናልባት በነዚህ ቀናት ኦርደሩ ራሱ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ቀን ኦርደር ከሳምንቱ 35 ፐርሰንት ከሆነና ከመዘግየቱ ግን 70 ፐርሰንቱን ከወሰዱ ነገሩ የብዛት ብቻ አይደለም። ሄዳችሁ ኩሽናውን ስታዩት ሁሉም በያይነቱ ነው የሚያዘው፣ ሽሮውም ምስሩም አንድ ምድጃ ላይ ይጠበቃል፣ አፑ ላይ ግን የዝግጅት ሰዓቱ ማክሰኞም ዓርብም ያው 20 ደቂቃ ተብሎ ተሞልቷል። ሞተረኛው በ20ኛው ደቂቃ ደርሶ ይቆማል፣ በዛ ላይ ሁለት ኦርደር ደርቦ የያዘ ከሆነ የመጀመሪያው ደንበኛ ምግብ ሁለተኛው እስኪወጣ ቦክሱ ውስጥ ይቀዘቅዛል። አያችሁ፣ «ቀዝቅዞ መጣ» የሚለው ባርም የተወሰነው ከዚሁ ነው የሚመጣው፣ ለብቻው ቆሞ የታየው ስሙ ስለተለየ ነው።

መፍትሄው ታዲያ «ፍጠኑ» አይደለም። ለጾም ቀን ምሳ የዝግጅት ሰዓቱን ለብቻ መሙላት (ለደንበኛውም እውነተኛው ሰዓት ይታየዋል)፣ ምግቡ ዝግጁ ሳይባል ሞተረኛ አለመላክ፣ በነዚያ ሰዓታት ከተለያየ ምግብ ቤት ኦርደር አለመደረብ። ሶስቱም ዛሬ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው፣ የመቁረጡ ማቆሚያም እሱ ነው፣ አንድ ሰው ነገ ጠዋት ሊነካው የሚችል ነገር ላይ ስትደርሱ ቁሙ።

ምልክት፦ ትልቁን ባር ቀነሳችሁ፣ ተመላሹ ብር ግን ያው ነው

ብዛት ስለቆጠራችሁ ነው። ለዘገየ በአማካይ 50 ብር ቅናሽ የምትሰጡ ከሆነ 96ቱ 4,800 ብር ነው፣ ለጎደለ እቃ 220 ብር የምትመልሱ ከሆነ 60ዎቹ 13,200 ናቸው። ያንኑ ሠንጠረዥ በብር አባዙና እንደገና ደርድሩ፣ ቅደም ተከተሉ ከተለወጠ ሁለቱንም ቻርት ጎን ለጎን ለአለቃ አሳዩ፣ የትኛውን እንደሚያስቀድም እሱ ይወስን።

ምልክት፦ አስተካከላችሁ፣ ቅሬታው ግን ጨመረ (ወይም በጣም ፈጥኖ ጠፋ)

ከጨመረ መጀመሪያ ኦርደሩን እዩ። 240 ቅሬታ ከ8,000 ኦርደር ማለት በሺ 30 ነው፣ በሚቀጥለው ወር 252 ከ10,500 ከሆነ በሺ 24፣ ቁጥሩ አደገ እንጂ ነገሩ ተሻሽሏል። ፐርሰንትም ያታልላል፣ «ዘገየ» ሲቀንስ የሌሎቹ ድርሻ ሳይነኩ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በፊትና በኋላ ስታነጻጽሩ ሁለቱ ቻርት በአንድ ስኬል፣ በሺ ኦርደር ይሠሩ። በጣም ፈጥኖ ከጠፋ ደግሞ ካላንደሩን ክፈቱ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ማስተካከያውን በዛ ሰሞን ካስገባችሁ ባሩ ያለ እናንተም ይወርድ ነበር፣ ሥራችሁ መሆኑን የምታውቁት ጾሙ ተመልሶ ሲመጣ የነዚያን ቀናት ምሳ ብቻ ነጥላችሁ ስትቆጥሩ ነው።