ዝቃጩ አልዘቅጥ ሲል፦ የፍሳሽ ማጣሪያን በአንድ ጆግ እንዴት መመርመር ይቻላል

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሰው የሚኖርበት ግቢ የፍሳሽ ማጣሪያ ስከታተል ነው ይህንን የተማርኩት። አንድ ጠዋት ስደርስ ንጹህ ውሃ መውጣት በነበረበት ቦይ ቡናማ ዝቃጭ ይፈሳል። ደነገጥኩ። ዝቃጭ በዝቷል፣ መቀነስ አለበት ብዬ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና አስጠራሁ። ሁለት ቢያጆ ተጫነ። በገንዳው ውስጥ ከነበረው ዝቃጭ ከግማሽ በላይ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ነጭ አረፋ ከገንዳው ግድግዳ በላይ ተነስቶ ነፋስ እያነሳው መንገድ ላይ ይበር ጀመር። ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ። ነዋሪው በመጥፎው ሽታ ተማረረ። ማጣሪያው እንደገና እስኪያገግም ሦስት ሳምንት ፈጀ። ይባስ ብሎ ከወር በኋላ ያው ቡናማ ዝቃጭ ተመልሶ ቦዩን ሞላው።

ያወጣሁት ቆሻሻ አልነበረም። ሠራተኞቹን ነበር።

መጀመሪያ፦ ገንዳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ እርሾ ያስቀራሉ። የሚቀጥለው ሊጥ ቶሎ የሚቦካው በእሱ ነው። አክቲቬትድ ስለጅ የሚባለውም አሠራር የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። እንግሊዛውያኑ ኤድዋርድ አርደን እና ዊሊያም ሎኬት ማንቸስተር አጠገብ ባለው የዴቪሁልም ማጣሪያ ፍሳሽ ውስጥ አየር ሲነፉ፣ የመጀመሪያው ዙር ተጣርቶ እስኪያልቅ አምስት ሳምንት ያህል ወሰደ። ከዚያ የጠራውን ውሃ ደፍተው ከሥር የዘቀጠውን አስቀሩት፤ በላዩም አዲስ ፍሳሽ ጨመሩ። ደጋግመው እንዲህ ሲያደርጉ ጊዜው ከአንድ ቀን በታች ወረደ። ውጤቱን ያቀረቡት በ1914 እ.ኤ.አ. ነው።

ከእርሾ የሚለየው አየር መፈለጉ ነው። በአየር ገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ተጣብቀው ጥጥ የመሰለ ቡናማ ቅንጣት ይሠራሉ። ይህ ፍሎክ ይባላል። ከፍሳሹ ጋር የመጣው ስብ፣ ስታርችና ፕሮቲን መጀመሪያ ፍሎኩ ላይ ይለጠፋል። ባክቴሪያዎቹ በኢንዛይም ይሰባብሩትና ይመገቡታል። በግምት ግማሹን በኦክስጅን አቃጥለው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይቀይሩታል። ግማሹ የራሳቸው ገላ ይሆናል፤ ማለትም አዲስ ባክቴሪያ። ከፍሎኩ ያመለጡትን ነጠላ ባክቴሪያዎች ደግሞ ፕሮቶዞዋ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት ይለቅሟቸዋል። ውሃው የሚጠራው በእነሱ ነው።

እንግዲህ ግማሹ ቆሻሻ አልጠፋም፤ ገላ ሆኗል። ያ ገላ ቀጥሎ ባለው ማዝቀጫ ገንዳ ካልዘቀጠ ከውሃው ጋር ይወጣል። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ መብላታቸው ብቻ አይበቃም፣ መዝቀጥም አለባቸው። የእኔ ችግር እዚህ ላይ ነበር።

ናሙና መውሰድ

ጓንት አድርጉ። አየር የሚነፋው ማሽን፣ ብሎወሩ፣ እየሠራ እያለ፣ ውሃው ወደ ማዝቀጫው ከሚያልፍበት ጫፍ አካባቢ ቅዱ። ምርመራውን እዚያው ወዲያውኑ ጀምሩ። ናሙናውን ቢሮ አስቀምጦ ሻይ ጠጥቶ መመለስ የለም።

ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ

ብዙዎች አንድ ሊትር የሚይዘውን ቀጭን የላቦራቶሪ ሲሊንደር ይጠቀማሉ። እኔ አልወደውም። ዝቃጩ ግድግዳው ላይ እየተደገፈ ከእውነተኛው ይልቅ ዘግይቶ ይወርዳል። ሰፋ ያለ ሁለት ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ጆግ ይሻላል። ከሌለ ግልጽ የፕላስቲክ ማሰሮ ላይ በማርከር መስመር አስምሩበት። ንባቡን ግን ሁልጊዜ ለአንድ ሊትር አስቡት። ከፀሐይ አርቁት፤ አንዱ ጎን ሲሞቅ ውሃው ይዞርና ዝቃጩን ያነሳዋል።

ቀስ ብላችሁ አንዴ አማስሉና ተዉት። በአምስተኛው እና በሠላሳኛው ደቂቃ የዝቃጩን ከፍታ ጻፉ። ጤነኛ ዝቃጭ ተያይዞ እንደ ጋቢ ነው የሚወርደው። በላዩ የጠራ ውሃ ይተዋል፣ በሠላሳ ደቂቃ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይደርሳል። በአምስት ደቂቃ ዱብ ብሎ በላዩ ደቃቅ ብናኝ ከተወ ዝቃጩ አርጅቷል። ከ800 በላይ ላይ ከቆመ ግን ወደሚቀጥለው እርምጃ ሂዱ።

ጆጉን ወዲያው አትድፉት። አንዳንዴ ዝቃጩ በደንብ ይዘቅጥና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ አረፋ ይዞ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን እየተነፈሱ ናይትሮጅን ጋዝ ሲለቁ የሚፈጠር ነው። መፍትሔው ዝቃጩ ማዝቀጫው ሥር ብዙ እንዳይቆይ ቶሎ ቶሎ ወደ አየር ገንዳው መመለስ ነው።

በውሃ ማቅጠን፣ ዋናው ነገር

ለሁለተኛ ጊዜ ዝቃጩ ሲያመልጠኝ ንባቡ 900 ነበር። ስልኬን አንስቼ መኪናውን ልጠራ ስል በዚህ ሥራ ያረጁ አንድ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ።

"አንተ ልጅ፣ በዝቶ ነው ወይስ ታሞ ነው?" አሉኝ።

ልዩነቱን አላውቅም ነበር። ዝቃጭ በሁለት ምክንያት አልዘቅጥም ይላል። አንደኛው ብዛት ነው። እንደ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ቦታ ጠቦት እርስ በርሱ ይተጋገዳል። ሁለተኛው ክር መሰል ባክቴሪያዎች ሲበዙ ነው። ትንሽ ክር ያስፈልጋል፤ ለጭቃ ቤት ጭድ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ፍሎኩን ያያይዘዋል። ሲበዛ ግን ክሮቹ ከፍሎኩ ወጥተው እንደ ጨፈቃ ይዘረጋሉ። ድንጋይ ሲከመር ይጠጋጋል፤ ጨፈቃ ሲከመር ግን መሃሉ ባዶ ሆኖ ከፍ ይላል። በዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሁለት ጆግ አዘጋጁ። በአንደኛው ናሙናውን እንዳለ ሙሉት። በሁለተኛው ግማሽ ናሙና፣ ግማሽ ደግሞ ከማዝቀጫው ላይ የተቀዳ የጠራ ውሃ አድርጉ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፣ ክሎሪን አለበት። ሁለቱን እኩል ጀምሩ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ።

ችግሩ ብዛት ብቻ ከሆነ ቦታ ያገኘው ዝቃጭ ፈጥኖ ይወርዳል። ያልተቀጠነው 900 ላይ ቆሞ የተቀጠነው 200 ሊደርስ ይችላል። ክር ከሆነ ግን ማቅጠኑ አይረዳውም። መጠኑ በግማሽ ስለቀነሰ ብቻ ንባቡም ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእኔ 440 መጣ። በሁለት ሲባዛ 880፣ ማለትም ያው ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ዝቃጭ እንዳለ ላቦራቶሪ ይመዘንላችሁ። የእኛ 3 ግራም ነበር። 900 ለ3 ሲካፈል 300 ነው። አንድ ግራም ዝቃጭ 300 ሚሊ ሊትር ቦታ ይዟል ማለት ነው። ጤነኛው 100 አካባቢ ነው፣ ከ150 ሲያልፍ መጠንቀቅ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ጨፈቃውን በመኪና ቀነስኩት እንጂ ጨፈቃ ያደረገውን ነገር አልነካሁትም። የተረፉት ተመልሰው ክር አወጡ።

ማይክሮስኮፕ ያላችሁ አንድ ጠብታ በ100 እጥፍ እዩ። ክሮቹ ከፍሎክ ወደ ፍሎክ ተሻግረው ይታያሉ። ደወል የመሰለች በዘንግ ላይ የቆመች ፕሮቶዞዋ፣ ቮርቲሴላ፣ ካያችሁ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። የሌላችሁ አትጨነቁ፣ ሁለቱ ጆጎች ይበቃሉ።

ምክንያቱን መፈለግ

ክር የሚያበዛ ነገር ብዙ ነው። የንጥረ ነገር እጥረት አለ፣ የሰነበተና የሸተተ ፍሳሽ አለ። በቤት ፍሳሽ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየርን ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ፍሎኩ መሃል ያሉት ባክቴሪያዎች ይታፈናሉ። ክሮቹ ግን ወደ ውጭ ተዘርግተው የቀረችውን ይሻማሉ። ስለዚህ ያሸንፋሉ።

በኦክስጅን መለኪያ ለካሁ። መግዛት ያለባችሁ ብቸኛው ውድ ዕቃ ይሄ ነው፣ በሱ አትሰስቱ። ሌሊት 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይላል። ጠዋት ሁሉም ገላውን ታጥቦ ልብስ ሲያጥብ 0.4 ይወርዳል። እኔ ሁልጊዜ የምለካው ከሰዓት ነበር፣ ፍሳሹ ቀለል ሲል። ለዚህ ነው ያላየሁት። የብሎወሩን የአየር ማጣሪያ ስፈታው በአቧራ ተደፍኗል። ቺንጋውም ላልቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በ20 ዲግሪ በባሕር ዳርቻ ውሃ እስከ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ያሟሟል፤ እዚህ ግን 7 እንኳ ይከብደዋል። ብሎወሩም የሚስበው አየር ቀጭን ነው። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ ከሆነ እዚህ አንድ አራተኛ ያህሉ ይጎድላል። ብሎወር ስትገዙ ከፍታውን ለሻጩ ንገሩት።

ማጣሪያውን ቀየርን፣ ቺንጋውን አጠበቅን። ጠዋትም 2 ላይ መቆም ጀመረ። በረኪና ገንዳው ውስጥ ድፉ የሚሏችሁን አትስሙ። ክሎሪን ክሮችን ለመግደል የሚሠራበት መንገድ አለ፤ ግን በመመለሻው ቧንቧ ላይ በልክ፣ በየቀኑ እየተለካ ነው። በጀሪካን ከተደፋ ጠቃሚውንም ጨርሶ ይገላል።

በየቀኑ ትንሽ ማውጣት

ዝቃጭ መውጣቱስ አይቀርም፣ ባክቴሪያው ይራባልና። ግን በቢያጆ ሳይሆን በየቀኑ፣ በልኩ ነው። የእኛ የአየር ገንዳ 50 ሜትር ኩብ ነው። በሊትር 3 ግራም ካለ ጠቅላላው 150 ኪሎ ይሆናል። አንድ ባክቴሪያ በአማካይ አሥር ቀን እንዲቆይ ከፈለግን በቀን 15 ኪሎ እናወጣለን። ከማዝቀጫው ሥር የሚመጣው ዝቃጭ በሜትር ኩብ 8 ኪሎ ያህል ስላለው በቀን ወደ 1.9 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ዝቃጩ በክር ታሞ ሲቀጥን ግን ይህ 8 ኪሎ ይወርዳልና ደግማችሁ ለኩት።

አየሩ ከተስተካከለ በኋላ ንባቡ በአንድ ቀን አልወረደም። ክር የያዘው አሮጌ ዝቃጭ በየቀኑ እየወጣ በአዲስ መተካት ነበረበት። በመጀመሪያው ሳምንት 860፣ በሁለተኛው 610፣ በሦስተኛው መጨረሻ 320። አሁን ጆጉን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እሞላለሁ፤ ልብስ በሚታጠብበት ሰዓት።