ደንበኛው ሥራውን ተረክቦ ሲጠፋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በግል ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ፣ ዲዛይነርም ይሁን ድረ ገጽ ሠሪ ወይም ተርጓሚ፣ ገንዘቡን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ደንበኛው ዝም ባለበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ራሱ በሚያደርገው ወይም ሳያደርግ በሚተወው ነገር ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ባለሙያ በአዲስ አበባ ለሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ለመሥራት በ60,000 ብር ተዋዋለ፤ 24,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለ፤ ቀሪው 36,000 ብር ሥራው ከተረከበ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ተስማሙ። ርክክቡ የካቲት 10 ቀን ተፈጸመ፤ ሥራ አስኪያጁም «በጣም ቆንጆ ነው፣ እደውልልሃለሁ» አሉ። የካቲት 25 አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አይነሳም፣ መልእክትም አይመለስም።

ዝምታውን ወዲያውኑ እንደ ክህደት መቁጠር

ሥራውን የሚያደንቀው ሰውና ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በምሳሌያችን ሥራ አስኪያጁ ድረ ገጹን ተረከቡ እንጂ ክፍያ የሚያዘጋጀው የሒሳብ ክፍሉ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ደግሞ ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ሕጋዊ ደረሰኙን ካላገኘ አያወጣም። ሥራ አስኪያጁ «ደረሰኝ አምጣ» ለማለት እንኳ ጊዜ ያጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቅሬታ ሳይሆን ማጣራት ነው፦ ሰነዶቹ ተሟልተው ገብተዋል ወይ፣ የገቡትስ ለማን ነው? በአካል ሄዶ የሒሳብ ሠራተኛዋን መጠየቅ ከብዙ የስልክ ጥሪ ይልቅ ነገሩን ቶሎ ይገልጣል፤ ጉድለቱ የወረቀት ከሆነም እዚያው ይታወቃል።

መጠንና ቀን የሌለው መልእክት ደጋግሞ መላክ

«ሰላም ነው? ያቺ ነገር ምን ደረሰች?» የሚል መልእክት አሥር ጊዜ ቢላክ ደንበኛውን ወደ ምንም ውሳኔ አይገፋውም፤ ኋላም በፍርድ ቤት ስለ ዕዳው ብዙ አያስረዳም። ለዚህ ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ትኩረት የምሰጠው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ለማስጠንቀቂያ ትልቅ ቦታ ስለሚሰጥ ነው። በሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንዱ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ለመጠየቅ፣ በመርሕ ደረጃ፣ አስቀድሞ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ማስጠንቀቂያው የሚሰጠውም የክፍያው ቀን ከደረሰ በኋላ ነው፤ የካቲት 20 ላይ የተላከ ጥብቅ ደብዳቤ ጊዜው ያልደረሰ ዕዳ መጠየቅ ይሆናል።

በተግባር ሁለት ደረጃ ቢኖረው ይመረጣል። የካቲት 28 ገደማ ትሕትና ያለው፣ ግን ሁሉን የያዘ ማስታወሻ ይላካል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የድረ ገጹ ሥራ የካቲት 10 ቀን ተረክቧል፤ በውላችን መሠረት ቀሪው 36,000 ብር የካቲት 25 ቀን መከፈል ነበረበት። የጎደለ ሰነድ ወይም በሥራው ላይ የቀረ ማስተካከያ ካለ እስከ መጋቢት 5 ቀን ቢያሳውቁኝ አሟላለሁ፤ ከሌለ እስከዚያው ቀን ክፍያውን እንዲፈጽሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ስለ ማስተካከያ የሚጠይቀው ዐረፍተ ነገር ለጨዋነት ብቻ የገባ አይደለም። ደንበኛው ቅር ያለው ነገር ካለ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል፤ ዝም ካለ ደግሞ ከወራት በኋላ «ሥራው ጉድለት ነበረበት» ብሎ መከራከር ይከብደዋል። መልስ ካልመጣ መጋቢት 15 ቀን የተፈረመበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፤ የውሉን ቀን፣ የዕዳውን መጠንና የመጨረሻ ቀነ ገደብ፣ ለምሳሌ መጋቢት 25ን፣ ይጠቅሳል። ይህ በአካል ተሰጥቶ በግልባጩ ላይ ይፈረምበታል፤ ካልሆነም በሪኮማንዴ ፖስታ ይላካል። ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ በሕግ የተወሰነው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ፣ በ36,000 ብር ላይ በዓመት 3,240 ብር፣ በወር 270 ብር ገደማ ይሆናል። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም በደብዳቤው ውስጥ መጻፉ ጠያቂው መብቱን እንደሚያውቅ ያሳያል።

ማስረጃውን በቴሌግራም ላይ ብቻ መተው

በቴሌግራም አንዱ ወገን የተጻጻፉትን ለሁለቱም ሊያጠፋው እንደሚችል ብዙ ሰው አያስብም። «ተረክቤያለሁ» የሚለው መልስ በዚያ መንገድ ከጠፋ፣ ዋናው ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። ዝምታው እንደተጀመረ በኮምፒዩተር ላይ ባለው ቴሌግራም Export chat history የሚለውን ተጠቅሞ ሙሉ ምልልሱን ማውረድ፣ ቅድሚያ ክፍያው የገባበትን የባንክ መግለጫም አብሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ ሆኖም ተቆራርጦ ከተነሳ ስክሪንሾት ይልቅ ቀንና ሰዓቱ የተሟላ ምልልስ የተሻለ ተአማኒነት አለው።

ሥራው በመካከል ሲቆም በራስ ግምት መቀጠል

አንዳንዴ ዝምታው የሚመጣው ገና በመካከል፣ ደንበኛው የክፍሎቹን ፎቶግራፍና የዋጋ ዝርዝር መስጠት በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙዎች ሥራቸውን ስለሚወዱ ባዶውን በራሳቸው ግምት እየሞሉ ይጨርሱታል፤ ከዚያ ደንበኛው ተመልሶ «እንዲህ አልነበረም ያልኩት» ሲል የሁለት ሳምንት ድካም ያለ ክፍያ ይቀራል። የሚሻለው ያለቀውን ክፍል በጽሑፍ ዘርዝሮ፣ ከደንበኛው የሚጠበቀውን ጠቅሶ፣ ያ እስኪመጣ ሥራው መቆሙንና የማስረከቢያው ቀንም በዚያው ልክ መገፋቱን ማሳወቅ ነው። ያን ጊዜ መዘግየቱ በባለሙያው ላይ አይቆጠርም።

በንዴት ድረ ገጹን መዝጋት ወይም ስም መጥራት

ገና ያልተረከበ ሥራ በራስ ሰርቨር ላይ ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ ክፍያው እስኪጠናቀቅ ዋናውን ፋይልና የይለፍ ቃሉን አለመስጠትም፣ በውሉ ላይ ከተጻፈ፣ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። በደንበኛው ዶሜይንና ሆስቲንግ ላይ የቆመን፣ እንግዶች ክፍል የሚይዙበትን ድረ ገጽ በቀረ የይለፍ ቃል ገብቶ ማጥፋት ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። የ36,000 ብር ጠያቂ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት የኪሳራ ተጠያቂ፣ ምናልባትም የወንጀል ተከሳሽ ይሆናል። በፌስቡክ ላይ የድርጅቱን ስም ጠርቶ «ሌቦች» ማለትም ወደ ስም ማጥፋት ክስ ሊወስድ ይችላል።

የቃል ተስፋን እንደ መፍትሔ መቀበል

ማስጠንቀቂያው ሲደርሳቸው ብዙ ደንበኞች ብቅ ይላሉ፤ «ገበያው ቀዝቅዞብን ነው፣ በሚቀጥለው ወር» ይላሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለ36,000 ብር ክስ መመሥረት ደግሞ ጊዜና የጠበቃ ወጪ ስለሚበላ በክፍል በክፍል መቀበል ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ነገር ግን ስምምነቱ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት፦ ደንበኛው 36,000 ብር ዕዳ እንዳለበት ያምናል፤ ሚያዝያ 5፣ ግንቦት 5 እና ሰኔ 5 ቀን በእያንዳንዱ ጊዜ 12,000 ብር ይከፍላል፤ አንዱ ክፍያ ከቀረ የቀረው ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በዚህ መልክ የታመነ ዕዳ በክስ ሊጠየቅ የሚችልበትን የይርጋ ጊዜ፣ ይኸውም በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት የሆነውን፣ አቋርጦ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ግንቦት ላይ ክፍያው ቢቀር ጠያቂው የሚያስረዳው ሥራው እንዴት እንደተሠራ ሳይሆን የተፈረመውን ዕዳ ብቻ ይሆናል፤ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት ክስ ለማቅረብም የተሻለ መሠረት አለው።