አድራሹ መጥቶ ሲያጣን፦ ቀን እንዲቀየርና ዕቃው ለጎረቤት እንዲሰጥ እንዴት እንጽፋለን?

ዕቃ አድራሹ መጥቶ አንኳኳ፤ እርስዎ ግን ቤት አልነበሩም። ስልክዎ ላይ «መጥተን አላገኘንዎትም» የሚል መልእክት ገብቷል፤ ወይም በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ቆይቶዎታል። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሆኑ ሌላ ቀን አምጥተው ለጎረቤት እንዲሰጡልዎ መጻፍ ፈልገዋል።

እኔ ይህን መልእክት አንድ ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። ማክሰኞ ማታ «ነገ አምጡልኝ፣ ካልሆነ ለጎረቤት ስጡልኝ» ብዬ ላክሁ። ቢሮው ያነበበው ረቡዕ ጠዋት ነው። ስለዚህ «ነገ» ለእነሱ ሐሙስ ሆነ። እኔ ረቡዕን ከሥራ ቀርቼ ስጠብቅ ዋልኩ። ሐሙስ ሲመጡ ቤቴ ዝግ ነበር። ጎረቤት ያልኩትም የትኛው እንደሆነ ሹፌሩ በምን ይወቅ? ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የመጣልዎትን ማስታወቂያ በደንብ ያንብቡ

ከማስታወቂያው ላይ የመከታተያ ቁጥሩን ይያዙ። ቢሮው ዕቃዎን የሚያውቀው በስምዎ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው። ቀጥሎ እስከ መቼ እንደሚያስቀምጡት ይመልከቱ። ያልተረከበ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጋዘን ይመለሳል፤ ጥቂት ቀን ይቆይና ወደ ላኪው ይላካል። የሚጠይቁት ቀን ከዚያ በፊት መሆን አለበት።

ሁሉም ዕቃ ለጎረቤት አይሰጥም። ተቀባዩ ራሱ መታወቂያ አሳይቶ እንዲረከበው የተላከ ከሆነ አድራሹ ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም። ይህን የወሰነው ላኪው ከሆነ ደግሞ ከአድራሹ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ላኪውን ያነጋግሩ። ሲረከቡ የሚከፈልበት ዕቃ ከሆነም ጎረቤትዎ ገንዘቡን አስቀድመው መያዝ አለባቸው።

ከመጻፍዎ በፊት ጎረቤትዎን ያስፈቅዱ

ይህን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። በዚያ ቀንና ሰዓት ቤት ይኖራሉ? ዕቃው ትልቅ ወይም ከባድ ከሆነ ማስቀመጫ አላቸው? ስልካቸውን ለአድራሹ ብሰጥ ቅር ይላቸዋል? ሙሉ ስማቸውንም መታወቂያቸው ላይ እንዳለ ይጠይቁ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» እያለ የሚጠራቸው ቢሆኑም አድራሹ የሚያመሳክረው ከመታወቂያው ጋር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁት። ብዙ አድራሽ ድርጅቶች እርስዎ ስሙን የሰጡት ጎረቤት ከፈረመ ዕቃው ለእርስዎ እንደደረሰ ይቆጥሩታል። ከዚያ በኋላ ጠፋ ቢሉ የሚሰማዎት የለም። ስለዚህ ቅርብ የሆነውን ብቻ ሳይሆን የሚያምኑትን ጎረቤት ይምረጡ። ካርቶኑ ተቀዶ ወይም ተጨፍልቆ ከመጣ ሳይፈርሙ በፊት ፎቶ እንዲያነሱልዎም ይንገሯቸው።

ለማን ይላካል? መቼስ?

የድርጅቱ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ላይ ቀን መቀየሪያና ለጎረቤት ማስረከቢያ ካለ ቅድሚያ እሱን ይጠቀሙ። በዚያ በኩል የተላከ ትእዛዝ ከዕቃው መዝገብ ጋር ስለሚያያዝ ማንም ሹፌር ቢመጣ ያየዋል። ከሌለ ለደንበኞች አገልግሎት ይጻፉ። ለደወለልዎ ሹፌር ብቻ መላክ አይበቃም፤ ሐሙስ የሚመጣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ለመጣበት ቁጥር መመለስም ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ቁጥሩ መላክ እንጂ መቀበል ላይችል ይችላል።

ዕቃ መኪና ላይ የሚጫነው በጠዋት ነው። መልእክቱ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ቀድሞ ይድረስ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። «ዕቃዎ አልደረሰም፣ ድጋሚ ለማምጣት ትንሽ ክፍያ ይክፈሉ» ብሎ ሊንክ የሚልክ አጭበርባሪ ሞልቷል። ሊንኩን አይንኩት። የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው የመከታተያ ቁጥሩን ያስገቡ። ቁጥሩ እዚያ ከሌለ መልእክቱን ይተዉት።

አሁን ይጻፉ

አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ ትእዛዝ። «ሐሙስ ወይም ዓርብ»፣ «እኔ ካልኖርኩ ለጎረቤት» የሚሉ ምርጫዎች ውሳኔውን ለሹፌሩ ይተዋሉ። እሱ ደግሞ ገና ብዙ በር ይጠብቀዋል። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦

> ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ በ12 ዕቃ አምጥታችሁልኝ ቤት አልነበርኩም።
> የመከታተያ ቁጥር፦ (ቁጥሩ)
> ተቀባይ፦ (ዕቃው ላይ እንደተጻፈው ሙሉ ስም)
> አድራሻ፦ (መንገድና ሕንፃ)፣ 3ኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 7
> እባካችሁ ሐሙስ በ14፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት (10:00–13:00) አምጡልኝ። እኔ አልኖርም። ዕቃውን ለጎረቤቴ ለ(ሙሉ ስም) ስጡልኝ። በር ቁጥር 9፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ስልካቸው (ቁጥር)። ተነጋግረናል፤ በእኔ ፈንታ ፈርመው ይረከባሉ።
> እሳቸውን ካጣችኋቸው በር ላይ አትተዉት። ወደ መጋዘን መልሱት፤ እኔ መጥቼ እወስዳለሁ።
> ቀኑንና የጎረቤቴን በር ቁጥር ጠቅሳችሁ ብታረጋግጡልኝ አመሰግናለሁ።

«ነገ» የሚል ቃል የለበትም፤ የሳምንቱ ቀን ከቁጥሩ ጋር ተጽፏል። ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ተቀምጧል። እኛ «4 ሰዓት» ስንል የድርጅቱ ሲስተም 10:00 ሊል ስለሚችል የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። «ፊት ለፊት» የሚለው ደግሞ የበር ቁጥሩ ወድቆ ቢሆን እንኳ ሹፌሩን ይመራዋል። በመጨረሻ ቀኑንና በሩን ጠቅሰው እንዲመልሱ የጠየቅሁት «እሺ» ብቻ የሚል መልስ ምን እንደተረዱ ስለማይነግረኝ ነው።

የመረከቢያ ኮድ ከተላከልዎ እዚህ መልእክት ውስጥ አያስገቡት። ኮዱ ዕቃው እጅ መግባቱን ማረጋገጫ ነው። ለጎረቤትዎ ብቻ ይስጡ፤ እሳቸውም ዕቃውን ሲያዩ እንጂ በስልክ ለደወለ ሰው እንዳይናገሩት።

በቀጠሮው ዕለት

ጠዋት የዕቃውን ሁኔታ ይመልከቱ። «ለማድረስ ወጥቷል» ካለ ለጎረቤትዎ ያስታውሷቸው። አሁንም መጋዘን ውስጥ ከሆነ ቀኑ እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ማረጋገጫ የሰጡበትን መልእክት ይዘው ይደውሉ።

«ተረክበዋል» ይላል፣ ጎረቤትዎ ግን ምንም አላገኙም እንበል። በቅድሚያ አጠገብ ያሉትን በሮች ይጠይቁ፤ 9 እና 6 ቁጥርን ማምታታት ቀላል ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ማን እንደፈረመ፣ በስንት ሰዓት እንደተረከበና የተነሳ ፎቶ ካለ እንዲልኩልዎ ለድርጅቱ ይጻፉ። በተመሳሳይ ሰዓት ለላኪውም ያሳውቁ። ብዙውን ጊዜ ከአድራሹ ጋር ውል ያለው ላኪው ስለሆነ ክትትሉን በእሱ በኩል ማስጀመር ይፈጥናል። የላኩትን መልእክትና የመለሱልዎትን ማረጋገጫ ስክሪንሾት አብረው ያያይዙ።