ሶላር ከመግዛትዎ በፊት ወጪውንና የመብራት ቢል ቁጠባውን እንዴት እንደሚያሰሉ፦ ከድሬዳዋ አንድ ምሳሌ

ድሬዳዋ ፀሐይ የሚያጥራት ከተማ አይደለችም፤ አንድ ካሬ ሜትር ጣራ በአማካይ በቀን ስድስት ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። ሻጮችም ስሌታቸውን ከዚሁ ይጀምራሉ፦ ፓኔሉ ይህን ያህል ያመነጫል፣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይህ ነው፣ ሲባዛ ይህን ያህል ብር ይተርፍዎታል ይላሉ። ስሌቱ መጀመር ያለበት ግን ከቆጣሪው ነው፤ ባትሪ በሌለበት ቤት ቢል የሚቀንሰው ፓኔሉ ያመነጨው ሁሉ ሳይሆን፣ በመነጨበት ሰዓት እዚያው ቤት ውስጥ ጥቅም ላይ የዋለው ብቻ ነውና።

ለማሳያ የወሰድሁት በሳቢያን አካባቢ ሊኖር የሚችል አንድ ቤት ሲሆን፣ ፍሪጅ፣ ሦስት ቬንትሌተሮች፣ ቴሌቪዥንና የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው፤ በወር በአማካይ 320 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። ሊገዛ የታሰበው ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔልና የፓኔሉን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይር አንድ ኢንቨርተር ነው። የጠቀስኋቸው የብር መጠኖች አካሄዱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ስለሆኑ በየቦታቸው የራስዎን ቢልና የተሰጠዎትን የዋጋ ማቅረቢያ ይተኩ።

1. የአንድ ዓመት ቢል ይሰብስቡ

ብሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን ይመዝግቡ። በግንቦትና በሰኔ ቬንትሌተር ቀን ከሌት ስለሚሠራ የሁለት ወር ቢል ብቻ ይዞ ማስላት ያሳስታል።

2. የሚተርፍልዎትን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያግኙ

ብዙ ሰው ጠቅላላ ክፍያውን ለጠቅላላ ፍጆታው ያካፍላል። ይህ አማካይ ዋጋ ነው። የቤት ታሪፍ ግን በፍጆታ እርከን የተከፈለ ሲሆን የታችኛው እርከን ርካሽ፣ የላይኛው ውድ ነው፤ ሶላር ደግሞ ፍጆታዎን የሚቀንሰው ከላይ ነው። በዚያ ላይ ቋሚው የአገልግሎት ክፍያ ሶላር ቢኖርም ባይኖርም ይከፈላል።

ትክክለኛውን ዋጋ ለማግኘት ፍጆታቸው የሚለያይ ሁለት ቢሎች ይውሰዱና የብሩን ልዩነት ለኪሎዋት ሰዓቱ ልዩነት ያካፍሉ። ቢሎቹ ከአንድ ሩብ ዓመት የተወሰዱ መሆን አለባቸው፤ ምክንያቱም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ፣ ለአራት ዓመታት፣ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። በምሳሌያችን ለ340 ኪሎዋት ሰዓት 1,530 ብር፣ ለ270 ደግሞ 1,180 ብር ተከፍሏል እንበል። ልዩነቱ 350 ብር ለ70 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ የሚተርፈው ዋጋ 5 ብር ነው። የ340ው ቢል አማካይ ግን 4 ብር ከ50 ነበር። ፍጆታዎ በወር ከመቶ ኪሎዋት ሰዓት በታች ከሆነ ይህ ቁጥር በጣም ትንሽ ሆኖ ያገኙታል፤ ለቢል ቁጠባ ብለው ሶላር የሚገዙበት ምክንያት ስለማይኖር እዚህ ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ።

3. ቀን ቀን ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ይለኩ

ጠቅላላው ስሌት የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ የሶላር ሻጭ ሲጠይቅ ያልሰማሁትም ይህንኑ ነው። ለአንድ ሳምንት ጠዋት 2 ሰዓትና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን እያነበቡ ይጻፉ። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት ፀሐይ በምትሠራበት ሰዓት ቤቱ የተጠቀመው ነው። ሳምንቱ እሑድንና እንጀራ የሚጋገርባቸውን ቀናት ማካተት አለበት፤ ሁሉም ሰው ሥራና ትምህርት ቤት የሚውልበት ቤት እሑድ የሚያሳየው ቁጥር ከሰኞው ጋር አይገናኝም።

ንባቡን እንዳለ ከመውሰድዎ በፊት ምጣዱን ይቀንሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ በአንድ ሰዓት ተኩል 5 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ሁለት ፓኔሎች በእኩለ ቀንም ቢሆን ከ900 ዋት ብዙም አያልፉም፤ እሱንም ፍሪጁና ቬንትሌተሩ ይጋሩታል። ስለዚህ ምጣዱ ከሚፈልገው ውስጥ ሶላሩ የሚሸፍነው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው እንደ ወትሮው ከመስመር ይመጣል። ምጣዱን ጭምር በሶላር ለማስነሳት ብለው ትልቅ ኢንቨርተርና ብዙ ፓኔል የሚገዙ ሰዎች በሳምንት ለሦስት ሰዓት ሥራ ሲሉ ወጪያቸውን እጥፍ ያደርጋሉ።

በምሳሌው ቤት የሰባቱ ቀናት የቀን ፍጆታ 32 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ሁለት ጊዜ የተጋገረበት 10 ሲቀነስ 22 ይቀራል፤ በቀን 3 ገደማ ማለት ነው። በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ5 ብር ሲባዛ 450 ብር፣ በዓመት 5,400 ብር። ቁጠባው ይህ ነው።

4. የፓኔሉን ምርት ከዚህ ጋር ያስተያዩ

ሁለቱ ፓኔሎች 1,100 ዋት ናቸው፤ በስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ሲባዛ 6.6 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ከዚህ ላይ ለሙቀት፣ ለአቧራ፣ ለሽቦና ለኢንቨርተር ከሩብ ጥቂት የሚበልጠውን ይቀንሱ፤ 4.8 ገደማ ይቀራል። በድሬዳዋ ሙቀቱን ማቃለል አይቻልም። በፓኔሉ ጀርባ የተጻፈው ዋት የተለካው የፓኔሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ውጭው 35 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ፓኔሉ 60 ይደርሳል፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪም 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ይህ ብቻውን 12 በመቶ ነው። ፓኔል ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ሲታሰር ደግሞ ሙቀቱ ከዚያም ያልፋል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር አየር ማለፊያ ይተዉ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ያዘንብሉት፣ አቧራውን ፓኔሉ ሳይግል ጠዋት ይጠቡ።

ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እዚያ ያው ፓኔል ጥቂት በመቶ የበለጠ ያመነጫል። ነገር ግን የሐረር ቤት ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ስለማያስፈልገው የቀን ፍጆታው ከድሬዳዋው ያንሳል። ፓኔሉ ይበልጥ እየሠራ ቁጠባው ያነሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በምሳሌው ከ4.8 ውስጥ የሚሠራው 3 ብቻ ነው። ሦስተኛ ፓኔል ቢጨመር የሚበዛው ትርፉ እንጂ ቁጠባው አይደለም። ወደ መስመር የሚላከውን ኃይል ከቢልዎ ላይ የሚቀንስ ውል በእጅዎ ከሌለ ትርፉን ዜሮ ብለው ይቁጠሩት። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ ውጭ የወጣውንም እንደ ፍጆታ ስለሚመዘግብ፣ ኢንቨርተሩ ወደ መስመር እንዳይልክ መስተካከሉን ባለሙያው እያዩ ያረጋግጥልዎ።

5. ወጪውን ለ25 ዓመት ይጻፉ

ፓኔል 25 ዓመት ይሠራል፤ ኢንቨርተር ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ኢንቨርተር ከመጀመሪያው ቀን በወጪው ውስጥ መግባት አለበት። ሁለት ፓኔል 30,000 ብር፣ ኢንቨርተር 40,000 ብር፣ ብረት፣ ሽቦ፣ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና የእጅ ዋጋ 25,000 ብር ቢሆን መነሻው 95,000 ብር ነው። ሁለተኛው ኢንቨርተር ሲጨመር 135,000 ይሆናል።

ፓኔሉ በየዓመቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ይደክማል፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስበዋል። እዚህ ግን ከ25 ዓመት በኋላም ምርቱ ከሚፈለገው 3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚሆን በቁጠባው ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። ሊያሳስብ የሚገባው የኢንቨርተሩ የራሱ ፍጆታ ነው። ርካሹ ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ 50 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ፓኔሉ በቂ ኃይል በማይሰጥባቸው አሥራ አራት ሰዓታት 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ከመስመር ይወስዳል። በወር መቶ ብር ገደማ ከ450ው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ሲገዙ ያለ ጭነት ስንት ዋት እንደሚስብ ከማብራሪያ ወረቀቱ ያንብቡ፤ ማታ ቤቱን በቀጥታ ወደ መስመር የሚያዞር ማዞሪያም ያስገጥሙ።

6. ያስተያዩ

ታሪፉ ባለበት ቢቆም 5,400 በ25 ዓመት 135,000 ብር ነው፤ ወጪው ልክ ይመለሳል እንጂ ትርፍ የለም። ታሪፉ በየዓመቱ 8 በመቶ ቢጨምር ደግሞ መነሻው 95,000 ብር በ12ኛው ዓመት፣ ኢንቨርተሩን ጨምሮ በ15ኛው ዓመት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ኢንቨርተር በእጥፍ ዋጋ ቢገዛ 17ኛው ዓመት ድረስ ይገፋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ትርፍ ናቸው። ያው 95,000 ብር በባንክ በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 6,650 ብር ወለድ ያስገኛል፤ ይህም ከመጀመሪያው ዓመት ቁጠባ ይበልጣል። ይሁንና ወለዱ ከዋጋ ንረት ጋር አያድግም፣ የቢል ቁጠባው ግን ከታሪፉ ጋር ያድጋል። ወለድ ለማይወስድ ሰው ደግሞ ማስተያየቱ ራሱ ሌላ ነው፤ እኔ በዚህ በኩል ያለው የድሬዳዋና የሐረር ሰው ሶላሩን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ባትሪውን ከዚህ ስሌት ለይተው ያስሉት። በቀን የሚተርፈውን ወደ ማታ ቢያሻግር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በዓመት 2,700 ብር ማለት ነው። 60,000 ብር የወጣበት ሊቲየም ባትሪ በዚህ አካሄድ የሚመለሰው በ22 ዓመት ሲሆን ዕድሜው ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። የአሲድ ባትሪ ርካሽ ቢሆንም ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ አልመክረውም። ባትሪ የሚገዛው መብራት ሲጠፋ ለሚበላሽ ሥጋ፣ ለሚቆም ልብስ ስፌት ወይም ለታማሚ መድኃኒት ነው፤ ይህ ጥቅም ካለዎት በብር ገምተው ለብቻው ይጻፉት። ባትሪ ሳይኖር መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ሁሉም ኢንቨርተር ስላልሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

7. ከተገጠመ በኋላ

በመጀመሪያው ወር እንደገና በ2 ሰዓትና በ11 ሰዓት ቆጣሪውን ያንብቡ። ከምጣዱ ቀናት በስተቀር በቀን ክፍለ ጊዜ የሚመዘገበው ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። በቀን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከተመዘገበ ፓኔሉ ላይ የሚያርፍ የዛፍ ወይም የውኃ ታንከር ጥላ እንዳለ፣ ኢንቨርተሩም ከመስመር ይልቅ ለፓኔሉ ቅድሚያ እንዲሰጥ መስተካከሉን ይዩ። የማታው ንባብ ከድሮው ጨምሮ ከተገኘ ደግሞ የሚበላው ኢንቨርተሩ ነው።